ከእንጦጦ ሲወርዱ ፍሬን የሚያቃጥሉ ስህተቶች

አንድ እሑድ ከእንጦጦ ማርያም ቅዳሴ ስንመለስ መሪውን የያዘው መንጃ ፈቃድ ካወጣ ሦስት ወር ያልሞላው የእህቴ ልጅ ነበር። ሚኒባሷ አሥራ ሁለት ሰው ይዛለች። ወደ ሽሮ ሜዳ የሚያወርደውን ቁልቁለት በሦስተኛ ማርሽ ጀመርነው፤ የልጁ ቀኝ እግር ፍሬኑ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። መንገዱን ስናጋምስ እናቴ ከኋላ ወንበር «ማን ነው ጎማ የሚያቃጥለው?» አለች። የሸተታት ጎማ አልነበረም፤ የእኛው የፍሬን ሸራ ነበር። ወዲያው ልጁ «አጎቴ፣ እረግጣለሁ፣ ግን አይይዝልኝም» አለኝ።

እኔ በጎጃም መስመር የጭነት መኪና ለዓመታት ያሽከረከርኩ ሰው ነኝ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ያለው ቁልቁለት ከሺህ ሜትር በላይ ያወርዳል፤ እዚያ ግን ሾፌሩ ሁሉ ከላይ ቆሞ፣ ጎማውን ዞሮ አይቶ፣ ማርሹን አሳንሶ ነው የሚገባው። እንጦጦን የሚፈራው ሰው የለም። መንገዱ አጭር ነው፣ አስፋልት ነው፣ ከተማው ከታች ይታያል። ፓርኩ በ2013 ዓ.ም ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ቅዳሜና እሑድ ቤተሰቡን ጭኖ የሚወጣው ብዙ ነው፤ ከእነዚህ መካከል ስንቱ ቁልቁለት መውረድን ከዚያ በፊት ሞክሮት እንደሚያውቅ እጠራጠራለሁ።

ማርሹን መሃል ቁልቁለት ላይ ማሰብ

የልጁ የመጀመሪያ ስህተት የተሠራው ገና ከላይ፣ መንገዱ ደልዳላ ሳለ ነው። ለምን እንደሆነ ለመረዳት አንድ ቀላል ስሌት ይበቃል። ሚኒባሷ ከነተሳፋሪዋ 3 ቶን ትመዝናለች፣ ቁልቁለቱም 400 ሜትር ከፍታ ያወርዳል እንበል። ፍጥነቷ ሳይጨምር ታች እንድትደርስ በዚያ ከፍታ ላይ የነበራት ጉልበት ሁሉ ወደ ሙቀት ተለውጦ መውጣት አለበት። ያ ሙቀት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሁለቱን ሙሉ ውሃ ከቀዝቃዛነቱ አንሥቶ ለማፍላት ሊበቃ ጥቂት ነው የሚቀረው። የአየሩና የጎማው መፋተግ ጥቂቱን ይወስድልናል። የቀረውን ወይ ሞተሩ ይወስደዋል፣ ወይ አራቱ ጎማዎች ውስጥ ያሉት ትንንሽ ብረቶችና ሸራዎች ይውጡታል። ሦስተኛ መንገድ የለም።

ሞተሩ ድርሻውን የሚወስደው ማርሹ ሲያንስ ነው። እግርዎን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሡ ጎማው ሞተሩን በግድ ያዞረዋል፤ ሞተሩም አየር እየሳበና እየጨመቀ መኪናዋን ወደ ኋላ ይይዛታል። ማርሹ ባነሰ ቁጥር ለአንድ የጎማ ዙር ሞተሩ ብዙ ጊዜ ይዞራል፣ አያያዙም ይጠነክራል። በሦስተኛ ማርሽ ላይ ያለች ሚኒባስ በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ስትወርድ ሞተሩ ገና እያንጎላጀ ነው፤ ያ ሁሉ ሥራ የወደቀው ፍሬኑ ላይ ነበር።

የቀድሞ ሾፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይሉናል። ጥሩ መነሻ ነው፤ ለዘመኑ መኪና ግን እኔ ትንሽ አሻሽለዋለሁ። አዲስ ሞተር ጉልበት ስላለው ዳገቱን በሦስተኛ ሊወጣው ይችላል፤ ለመውረድ ግን ሁለተኛ ያስፈልገዋል። ትክክለኛውን ማርሽ የሚያውቁት እግርዎን ከሁሉም ፔዳል ላይ አንሥተው ነው፤ መኪናዋ ቀጥተኛው ቁልቁለት ላይ ፍጥነቷን ከያዘች ወይም በዝግታ ብቻ ከጨመረች ማርሹ ትክክል ነው። እየተንደረደረች ከሄደች አንድ ማርሽ ይቀንሱ። አውቶማቲክ መኪና ያላቸው ሰዎች «ዲ» ላይ ትተውት ይወርዳሉ፤ እጀታው ላይ «2» ወይም «ኤል» የተጻፈው ለዚሁ ቁልቁለት ነው።

ጀማሪዎችን ማርሽ ከማሳነስ የሚመልሳቸው የሞተሩ ጩኸት ነው። በሁለተኛ ማርሽ፣ በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የአንድ ሚኒባስ ሞተር በደቂቃ ከ2,500 እስከ 3,000 ዙር አካባቢ ይዞራል። ይጮኻል፣ ግን አይጎዳም። የሚጎዳው የዙር መቁጠሪያው ቀይ መስመር ጋ ሲደርስ ነው፤ ያን ጊዜ ፍሬን ረግጦ ማብረድ እንጂ ማርሽ መጨመር መፍትሔ አይሆንም።

ይህ ሁሉ ደግሞ ከላይ መሠራት አለበት። መኪናዋ ከተንደረደረች በኋላ ማርሽ ልቀንስ ብለው ፍሪሲዮን ሲረግጡ ሞተሩ የያዘውን ይለቃል፣ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ማርሹም አልገባ ብሎ ፎሌ ላይ ሊቀር ይችላል። በፍሬን በደንብ አብርዶ ብቻ ነው መቀነስ የሚቻለው፤ ፍሬኑ ግን በዚያ ሰዓት የሚታመን ላይሆን ይችላል።

ነዳጅ ለመቆጠብ ሆን ብለው ፎሌ የሚያደርጉም አሉ። አሁን በብዛት የምንነዳቸው፣ ነዳጃቸው በኮምፒውተር የሚመጠን ሞተሮች ማርሽ ገብቶ እግር ሲነሣ ነዳጁን ይዘጋሉ፤ ፎሌ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ይጠጣሉ። ቆጣቢው ሒሳቡን ገልብጦታል። ሞተሩን አጥፍቶ የሚወርደው ደግሞ የፍሬን አጋዡ ከሁለትና ሦስት ርግጫ በኋላ ይጠፋበታል፣ መሪውም ይከብድበታል።

እግርን ፍሬን ላይ ማስቀመጥ፣ ምልክቱንም አለመለየት

የልጁ ሁለተኛ ስህተት ከመጀመሪያው የተወለደ ነው፤ ማርሹ አልይዝ ሲለው እግሩን ማንሣት ፈራ። ያለማቋረጥ በስሱ የተረገጠ ፍሬን የሚቀዘቅዝበት ፋታ አያገኝም። ከባድ መኪና ላይ የተማርነው ዘዴ እንዲህ ነው፦ ለመንገዱ የሚስማማው ፍጥነት 30 ከሆነ፣ እዚያ ሲደርሱ ጠበቅ አድርገው ይረግጣሉ፤ ወደ 22 ሲወርድ ሙሉ በሙሉ ይለቃሉ፤ እንደገና 30 እስኪደርስ ሞተሩ ይይዘዋል። እዚህ ላይ ግን እውነቱን መናገር ይገባል። ማርሹ ትልቅ ከሆነ ይህ ዘዴ ብቻውን አያድንም። ፍሬኑ ላይ የሚጠራቀመውን ሙቀት በእውነት የሚቀንሰው ማርሹ ነው፤ አረጋገጡ አራቱ ጎማዎች ሥራውን እኩል እንዲካፈሉና ትንፋሽ እንዲያገኙ ብቻ ይረዳል።

ፍሬን በሙቀት የሚሰንፈው በሁለት መንገድ ነው፤ እግር ደግሞ ይለያቸዋል። በመጀመሪያው ሸራው ራሱ ይግላል፣ መያዣ ገጹም ይሟልጣል። ያን ጊዜ ፔዳሉ እንደወትሮው ጠንካራ ነው፣ መኪናዋ ግን አትቆምም። ልጁ «እረግጣለሁ፣ ግን አይይዝም» ያለው ይህንኑ ነው። ታምቡር ያላቸው ፍሬኖች ላይ ብረቱ በሙቀት ስለሚሰፋ ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ሊልም ይችላል። ሽታው ቀድሞ ይመጣል፤ ለዚህ ነው ከኋላ የተቀመጠ ሰው «ይሸታል» ሲል ማጣጣል የማይገባው።

ሁለተኛው ይብሳል። ሙቀቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ደርሶ ዘይቱ ይፈላል፤ እንፋሎት ደግሞ ሲጫኑት ይጨመቃል እንጂ ግፊት አያስተላልፍም። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል፣ ከዚያም ወለሉ ድረስ ይሰምጣል። አዲስ ዶት 3 የሚባለው ዘይት ከ205 ዲግሪ በታች እንዳይፈላ ሆኖ ይሠራል። ይህ ዘይት ግን ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ውሃ ሲጠጣ የሚፈላበት ደረጃ ወደ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ይቀየር የሚባለው ለዚህ ነው፤ ጎድሎ ሲያዩ መጨመር ብቻ የቆየውን አያድሰውም።

ፔዳሉ ከሰመጠ በፍጥነት ደጋግሞ መርገጥ ጥቂት ግፊት ሊመልስ ይችላል። ከሰመጠም ካልሰመጠም የእጅ ፍሬኑን ቁልፉን ተጭኖ ይዞ ቀስ በቀስ መሳብ፣ የሚገባ ማርሽ ካለ ማሳነስ ነው። እኛ ዕድለኞች ነበርን፤ ፍሬኑ ጥቂት ይይዝ ስለነበር ሁለተኛ፣ ቀጥሎም አንደኛ ገባልን፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር ባለ ሰፊ ቦታም ቆምን።

ለሚወጣው መንገድ አለመልቀቅ

መንገዱ ሁለት መኪና በማያሳልፍበት ቦታ፣ ለምሳሌ ሽሮ ሜዳ ላይ በሁለቱም በኩል መኪና ቆሞ ሲጠብ፣ የሚወርደው ቆሞ የሚወጣውን ያሳልፋል። ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሦስት ሺህ ሜትር አካባቢ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር የጉልበቱን ሲሶ ገደማ ያጣል። የሞላ ታክሲ ዳገት ላይ ከቆመ እንደገና ለመነሣት ፍሪሲዮኑን ያቃጥላል፣ ወደ ኋላም ሊንሸራተት ይችላል። እርስዎን ግን ቁልቁለቱ ራሱ ያስነሣዎታል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ጊዜው ላይ ነው። ጠባቡ ውስጥ ገብተው አፍንጫ ለአፍንጫ ከተገጣጠሙ በኋላ ነው የሚያስቡት። የሚወጣውን ከሩቅ እንዳዩ ከጠባቡ በፊት ይቁሙ። መብራት ብልጭ ማድረግ እኛ ዘንድ ለአንዱ «ና»፣ ለሌላው «መጣሁ» ማለት ስለሆነ አልወደውም፤ ፈጽሞ ቆሞ በእጅ መጥራት ይሻላል። ዳር ሲይዙም እንጨት የተሸከሙትን ሴቶች ይመልከቱ። ሸክሙ ወደ ጎን የተንጣለለ ስለሆነ ከኋላቸው የሚመጣውን ዞረው ማየት አይችሉም።

ደንቡ የማይሠራበት ጊዜም አለ። የተጫነ ከባድ መኪና ከላይ ሲወርድ ካዩ፣ እርስዎ የሚወጡ ቢሆኑም ቦታ ካገኙ ዳር ይያዙ፤ ጎማው ሊጨስ እየደረሰ እንደሆነ አያውቁም።

የጋለ ፍሬን ላይ ውሃ ማፍሰስ

ዳር ቆመን ሳለ አንድ ደግ ሰው የውሃ ጠርሙስ ይዞ ሮጦ መጣና ጎማው ላይ ሊያፈስልን ጎንበስ አለ። እጁን ያዝኩት። የጋለ ብረት ድንገት ውሃ ሲነካው ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ደግሞ ከውጭ ላይታይ ይችላል። የእጅ ፍሬኑንም አልሳብንም፤ የጋለ ታምቡር ሸራው ተጣብቆበት ሲቀዘቅዝ ሊነክስ ይችላል። ሞተሩን አጥፍተን የኋላ ማርሽ አስገባን፣ የፊት ጎማዎቹን ወደ ዳር አዞርን፣ ከጎማዎቹ ፊት ድንጋይ አደረግን።

አርባ ደቂቃ ያህል ጠበቅን። እጄን ሳላስነካ ወደ ጎማው አስጠግቼ ሙቀቱ መውጣት ማቆሙን ካረጋገጥኩ በኋላ፣ ደልዳላው ላይ ፍሬኑን ሁለት ጊዜ ሞከርኩት። ያዘ። ልጁ ድንጋዮቹን አንሥቶ ከአስፋልቱ ውጭ ጣላቸው፤ ሾፌሮች ታኮ ያደረጉትን ድንጋይ መንገድ ላይ ትተው ሲሄዱ ሌሊት ሞተር ብስክሌት የሚጥለው እሱ ነውና። ከዚያ በአንደኛ ማርሽ እየጮኽን ሽሮ ሜዳ ወረድን። ማግስቱን መካኒኩ ጎማውን ሲፈታ የፊቶቹ ሸራዎች እንደ ብርጭቆ ያብረቀርቁ ነበር፤ ሸራውንም የፍሬን ዘይቱንም ቀየርን።