አዲስ የቢሮ ደንበኛ ይዛችሁ የመጀመሪያዎቹን 90 ቀናት የምታበላሹባቸው ስህተቶች

ቃሊቲ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ገላን፣ ቦሌ ለሚ አካባቢ ቢሮና መጋዘን ላላቸው ካምፓኒዎች ጽዳት የምታቀርቡ ልጆች፣ ይሄ ለናንተ ነው። ጨረታውን አሸንፈን፣ ስራውም ጥሩ ተጀምሮ፣ ሶስተኛው ወር ሳይሞላ ለምን ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይመጣብናል እያላችሁ ደጋግማችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ብዙ ጊዜ ነገሩ የተበላሸው በሶስተኛው ወር ሳይሆን በመጀመሪያው ሳምንት ነው።

ትልቁ ስህተት ኮንትራቱ ላይ የሌለ ሰው ይዞ መግባት ነው። ስድስት ሰው ተዋውላችሁ ደንበኛው ይደሰት ብላችሁ አስር ሰው፣ የወለል ማሽን፣ ከሌላ ሳይት የተዋሳችኋትን ጎበዝ ሱፐርቫይዘር ይዛችሁ ትገባላችሁ። ህንጻው ያበራል፣ ሁሉም ያመሰግናል፣ እናንተም ደስ ይላችኋል። ከሁለት ሳምንት በኋላ አራቱ ሰው ወደነበረበት ይመለሳል፣ ሱፐርቫይዘሯም ትሄዳለች። ደንበኛው ደሞ የሰው ቁጥር አይቆጥርም፣ ያየውን ንጽህና ነው የገዛሁት ብሎ የሚያስበው፣ ስለዚህ ስድስቱ ሰው የቻሉትን ያህል ቢሰሩም ለሱ ስራው ወርዷል።

አንድ የማውቀው ድርጅት ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባለ አራት ፎቅ የአስመጪ ህንጻ ይዞ ግንቦት 1 ጀመረ። እንዳልኳችሁ በአስር ሰው ገብቶ ግንቦት 15 ላይ ወደ ስድስት ወረደ። ግንቦት መጨረሻ ላይ የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊዋ ደውለው "መጀመሪያ ላይ እንዲህ አልነበራችሁም እኮ፣ ሰው ቀንሳችኋል አይደል?" አሉት። ልጁም "ኧረ እትዬ፣ ኮንትራቱ ላይ ያለው ስድስት ነው" አላቸው። እውነቱን ነው፣ ግን ምንም አልጠቀመውም፣ እሳቸው የሰሙት ሁለት ሳምንት ሙሉ አታለልኩሽ እንዳላቸው ነው። ከዛ በኋላ ድሮ የማያዩትን አቧራ ሁሉ ማየት ጀመሩ፣ ሰኔ አጋማሽ ላይ ደብዳቤው መጣ።

ምን ማድረግ ነበረበት? የመክፈቻ ጽዳቱን ከዕለት ጽዳቱ መለየት። አርብ ማታ ተገብቶ እሁድ የሚያልቅ፣ የራሱ ስም ያለው፣ ከተቻለ የራሱ ዋጋ ያለው፣ እሁድ ማታ ለብቻው የሚፈረምበት ስራ ይሁን። የሲሚንቶ ጠብታ መፋቅ፣ የቀለም ርጭት ማንሳት፣ መስኮት፣ ማሽን፣ ሁሉም እዛ ውስጥ ይለቅ። ሰኞ ጠዋት የሚገቡት ስድስቱ ብቻ ናቸው፣ ሱፐርቫይዘሯም 90 ቀን ሙሉ የማትነሳዋ ትሁን።

ከመግባታችሁ በፊት ደሞ ስድስት ሰው ምን እንደሚችል ቁጭ ብላችሁ አሳዩ። የዛን ህንጻ ሂሳብ ልንገራችሁ። ሰራተኛ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ይገባል፣ የቢሮ ሰው 2፡30 ይመጣል፣ ያላችሁ 150 ደቂቃ ነው። ሽንት ቤቱ 14 ነው፣ በደንብ ከተሰራ ለአንዱ 15 ደቂቃ ያዙለት፣ 210 ደቂቃ ይሆናል። ሁለት ሰው ሲካፈለው ለእያንዳንዱ 105 ደቂቃ፣ የቀረውን ለሻይ ክፍሎቹ ያውሉታል። አንድ ሰው ደረጃና መግቢያ ላይ ነው። ስለዚህ ለአራት ፎቅ ቢሮ የቀራችሁ ሶስት ሰው ነው፣ አንድ ፎቅ ለአንድ ሰው ብትሉ አራተኛው ፎቅ ሰው ሲገባ ገና አልተነካም። ይሄን ከፊርማ በፊት ለኃላፊዋ ብታሳዩአቸው ወይ ሰባተኛ ሰው ይጨምራሉ ወይ አራተኛው ፎቅ ማታ 11፡30 ላይ ይሰራ ይላሉ። ሁለቱም ጥሩ ነው። መጥፎው እሳቸው አራተኛ ፎቅ ላይ ቢሮ ኖሯቸው ራሳቸው ሲያገኙት ነው።

ፎቶ ሳያነሱ መጀመር። ከመክፈቻ ጽዳቱ በፊት ከደንበኛው ሰው ጋር እየዞራችሁ የተሰነጠቀ ሴራሚክ፣ የተቧጨረ መስታወት፣ የደበዘዘ እብነበረድ ሁሉ አንሱና በቴሌግራም እዛው ላኩላቸው፣ ቀኑ ራሱ ይመሰክራል። በተለይ እብነበረዱን። የሽንት ቤት አሲድ እብነበረድ ላይ ከፈሰሰ ድንጋዩን ራሱን ነው የሚበላው፣ ያ ነጭ ድብዝዝ ያለ ምልክት ደሞ በውልወላ አይለቅም፣ ተሞርዶ እንደገና ፖሊሽ መደረግ አለበት። ግንባታውን የጨረሱት ሰዎች አበላሽተውት የሄዱትን እናንተ እንዳትከፍሉ። የናንተም ሰራተኛ አሲዱን ይዛ ከሽንት ቤት በር እንዳትወጣ፣ ከበረኪና ጋርም በፍጹም እንዳትቀላቅለው፣ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

ውሃን አለመጠየቅ። ዳር ዳር ሰፈር ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ ግን ስንቶቻችሁ ናችሁ በየትኞቹ ቀናት እንደሚመጣ፣ ሮቶው ስንት ሊትር እንደሚይዝ፣ የፓምፑ ክፍል ቁልፍ ማን ጋር እንዳለ ጠይቃችሁ የገባችሁት? ኃላፊው ላያውቅ ይችላል፣ ጥበቃውን ጠይቁ። ሮቶው ሙሉ ሆኖ እንኳን መብራት ከሌለ ፓምፑ አይነሳም፣ በ12 ሰዓት ጀነሬተር የሚያስነሳ ሰው ደሞ የለም። ለመጀመሪያው ሰኞ ብቻ ሳይሆን ለሁልጊዜውም ለሽንት ቤቶቹ የሚሆን ውሃ በጀሪካን ማታውኑ ተቀድቶ ይደር።

የመጀመሪያውን ክፍያ ለወር መጨረሻ መተው። በመጀመሪያው ሳምንት ፋይናንስ ክፍል ሂዱና ከደረሰኙ ጋር ምን ምን እንዲያያዝ እንደሚፈልጉ ጻፉ፦ የተፈረመ አቴንዳንስ፣ የስራ መረከቢያ፣ የቲንና የቫት ምዝገባ፣ የታደሰ ንግድ ፈቃድ። መረከቢያውን ማን እንደሚፈርም በስም እወቁ፣ እሳቸው ፈቃድ ላይ ሲሆኑ ማን እንደሚተካቸውም ጭምር። ግንቦት ላይ ለጀመረ ሰው ደሞ ሰኔ 30 የብዙ ድርጅት ሂሳብ መዝጊያ ነው፣ የግንቦቱ ወረቀት አንድ ፊርማ ጎድሎት ከተመለሰ በመዝጊያው ግርግር ሐምሌ ይገባል። የሁለት ወር ደሞዝ በእጃችሁ ሳትይዙ አትጀምሩ፣ ደሞዝ ያላገኘች ሰራተኛ የምትቀረው ያለ ማስጠንቀቂያ ነው።

ሰራተኛን በ90ኛው ቀን መገምገም። በአዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የስራ ቀን አይበልጥም። በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሰራ ሰው አስር ሳምንት ገደማ ነው፣ ከዛ በኋላ "አልሆነችንም" ብላችሁ ዝም ብላችሁ አታሰናብቱም። ለሳይቱ አዲስ የቀጠራችሁትን ሰው ግምገማ በ45ኛው ቀን አድርጉት፣ ለማስተካከልም ጊዜ ታገኛለች።

የመጨረሻው የ90 ቀኑ ስብሰባ ነው። ብዙዎቻችሁ ምስጋና ለመስማት ነው የምትሄዱት። በኛ አቆጣጠር ግንቦት 1 የጀመረ ልክ ሐምሌ 30 ላይ 90 ቀኑ ይሞላል፣ ማለትም ስራውን የለካችሁት በደረቅ ጊዜ ነው፣ የምትገመገሙት ግን በጭቃ ነው። አስፋልት ያልደረሰበት ሰፈር ላይ መግቢያው በቀን አንዴ ተወልውሎ አይበቃም፣ አንዷን ሰራተኛ እዛው ያስራታል፣ የሷ ፎቅ ደሞ ይጎዳል። ስለዚህ ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ በ60ኛው ቀን፣ በሩ ላይ ውጪ ሻካራ ውስጥ ደሞ ውሃ የሚመጥ ምንጣፍ እንዲነጠፍ በጽሁፍ ጠይቁ። ለሐምሌ 30 ስብሰባ ሁለት ወረቀት ይዛችሁ ግቡ። አንደኛው ቅሬታ የመጣበትና የተስተካከለበት ሰዓት ዝርዝር፣ ሁለተኛው ኮንትራት ላይ ሳይኖር እንድትሰሩት የተጠየቃችሁት ስራ ነው፤ መጋዘን መጥረግ፣ ለስብሰባ ወንበር መደርደር፣ ዕቃ ማመላለስ። እያንዳንዱን በስንት ሰዓት እንደሰራችሁት ጻፉና የትኛው እንደሚቀር፣ የትኛው በዋጋ እንደሚገባ እዛው ወስናችሁ፣ ከነሐሴ 1 ጀምሮ የሚል ቀን አስገብታችሁ አስፈርሙ።