ስድስቱ ቀዳዳ ስምንት ሲሆን፦ በፓተርንና በሚረር ሥራ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በኮምፒውተር የንድፍ ፕሮግራም፣ ማለትም በካድ፣ የሚሠራ አንድ ፍላንጅ፣ ማለትም በብሎን የሚታሰር ክብ ሳህን እንውሰድ። ዲያሜትሩ 160 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ነው። መሃሉ ላይ 60 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለው አንገት ቆሟል። ለኤም 10 ብሎን የሚሆኑ፣ 11 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ስድስት ቀዳዳዎች 130 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ባለው ክብ ላይ ተደርድረዋል። በየሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል አንገቱን ከፍላንጁ ጋር የሚያያይዝ ሪብ፣ ማለትም 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ባለ ሦስት ማዕዘን የማጠናከሪያ ግድግዳ አለ። አንድ ቀዳዳና አንድ ሪብ ይሳላል፤ ቀሪው በክብ ፓተርን፣ ማለትም አንዱን ቅርጽ በዘንግ ዙሪያ በእኩል ርቀት በሚደግም ትዕዛዝ ይባዛል። ሥራው እንዲህ ቀላል ስለሆነ ስህተቱም ቶሎ አይታይም። ጉዱ የሚወጣው አሠሪው “ቀዳዳዎቹ ስምንት ይሁኑ” ያለ ቀን ነው።

ስኬቹ ውስጥ ማባዛት

ብዙ ጀማሪ ስድስቱንም ክቦች እዚያው ስኬቹ ላይ፣ ማለትም ቅርጹ በሚነሳበት ጠፍጣፋ ሥዕል ላይ በፓተርን ያባዛና በአንድ ጊዜ ይበሳቸዋል። ፈጣን ይመስላል። ነገር ግን ስኬች ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ክብ በልኬትና በግንኙነት መታሰር አለበት፤ ክቦቹ በበዙ ቁጥር ስሌቱ ይከብዳል፣ አንዱ ግንኙነት ሲላላም የትኛው እንደሆነ መፈለግ ራሱን የቻለ ሥራ ይሆናል። ከዚህም በላይ አንዱን ቀዳዳ ብቻ ማስቀረት ሲፈለግ ስኬቹን ከፍቶ ማፍረስ ግድ ነው። የሚሻለው አንድ ቀዳዳ በስኬች አስሮ መብሳትና የተበሳውን ቀዳዳ ራሱን ማባዛት ነው። በዚህ መንገድ የቀዳዳው ስፋት በአንድ ቦታ ይቀየራል፤ የማይፈለገውን ቅጂ መዝለልም በብዙዎቹ ፕሮግራሞች አንድ ምርጫ ብቻ ነው።

ቀዳዳውንና ክፍተቱን አንድ አድርጎ መቁጠር

ፓተርን የሚጠይቀው ቁጥር የመጀመሪያውን ቅርጽ አብዛኛውን ጊዜ ይጨምራል። 200 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ሳህን ላይ፣ ከሁለቱም ጫፍ 20 ሚሊ ሜትር ገባ ብለው አምስት ቀዳዳዎች ይደርደሩ እንበል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቀዳዳ ያለው ርቀት 160 ነው። አምስት ቀዳዳዎች የሚፈጥሩት አራት ክፍተት ስለሆነ እርምጃው 160 ለ4፣ ማለትም 40 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ለ5 ያካፈለ ሰው 32 ያገኛል፤ የመጨረሻው ቀዳዳም ከጫፉ 20 መሆኑ ቀርቶ 52 ሚሊ ሜትር ይርቃል። ክብ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል፦ ሙሉ ዙር ላይ የመጨረሻው ክፍተት ወደ መጀመሪያው ቀዳዳ ስለሚመለስ ስድስት ቀዳዳ ስድስት ክፍተት አለው፤ እርምጃውም 60 ዲግሪ ነው። ግማሽ ዙር ላይ አራት ቀዳዳ ሲደረደር ግን እንደገና ሦስት ክፍተት ይሆናል። ስለዚህ ቁጥር ከመጻፍ በፊት ፕሮግራሙ የሚጠይቀው ጠቅላላውን ማዕዘን ነው ወይስ በሁለት ቅጂ መካከል ያለውን? እሱን ማየት ያስፈልጋል። እርምጃ በሚጠየቅበት ሳጥን ውስጥ 360 የጻፈ ሰው ቅጂዎቹ ሁሉ አንዱ ላይ ተደራርበው አንድ ቀዳዳ ብቻ ያያል።

ሁለት ፓተርን፣ ሁለት ቁጥር

ከሁሉም በላይ ዋጋ የሚያስከፍለው ይህ ነው ባይ ነኝ። ወደ ፍላንጁ እንመለስ። ቀዳዳዎቹ በ0፣ 60፣ 120 ዲግሪ እያሉ ይዞራሉ። ሪቦቹ ደግሞ ከ30 ጀምረው በ90፣ በ150 ይቀጥላሉ። አሁን የቀዳዳውን ቁጥር ብቻ 8 ብናደርገው ቀዳዳዎቹ በ0፣ 45፣ 90፣ 135 ዲግሪ ይቀመጣሉ። 90 ዲግሪ ላይ ሪብ አለ፤ 270 ላይም እንዲሁ። ሁለት ቀዳዳዎች ሪቦቹን ይበሳሉ። ይህ ቢያንስ በዓይን ይታያል።

የከፋው ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ሠሪው ደንግጦ የሪቡንም ቁጥር 8 ያደርጋል፤ የመጀመሪያው ሪብ ግን አሁንም 30 ዲግሪ ላይ ነው። ሪቦቹ በ30፣ 75፣ 120 ይሄዳሉ። ግጭት የለም፣ ፕሮግራሙም ምንም አይናገርም። ነገር ግን እያንዳንዱ ሪብ በአንድ ጎኑ ካለው ቀዳዳ 30 ዲግሪ፣ በሌላው ጎኑ ካለው 15 ዲግሪ ብቻ ይርቃል። ከቀዳዳው መሃል እስከ ሪቡ መሃል ያለው ርቀት በአንድ በኩል 32.5፣ በሌላው 16.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። የብሎኑ ራስ ሊቀመጥ ይችል ይሆናል፤ ቁልፍ ለማዞር ሲሞከር ግን ሪቡ መንገድ ይዘጋል። ትክክለኛው ቦታ 22.5 ዲግሪ ነበር፤ ያኔ በሁለቱም በኩል 24.9 ይሆናል።

መፍትሔው ለቁጥሩ አንድ ተለዋዋጭ መስጠት፣ ሁለቱም ፓተርን ከእሱ እንዲያነቡ ማድረግና የመነሻውን ማዕዘንም ከእሱ ማስላት ነው፦

```
180 / n
```

ለ6 ሲሆን 30፣ ለ8 ሲሆን 22.5 ይሰጣል። ቀዳዳውንና ሪቡን በአንድ ፓተርን አብሮ ማባዛትም ይቻላል፤ ቁጥሩ እንዳይለያይ ይጠብቃል፣ የመነሻውን ማዕዘን ግን አያስተካክልም። እዚህ ላይ አንድ ጠቃሚ ልማድ አለ፦ ሪቡን ከመነሻዎቹ ሜዳዎች፣ ማለትም ፕሮግራሙ ራሱ ከሚሰጣቸው ጠፍጣፋ ገጾች በአንዱ ላይ አስቀምጦ ማዕዘኑን ለቀዳዳው መስጠት። ሪብን ለማዞር አዲስ ዘንበል ያለ ሜዳ መፍጠር ያስፈልጋል፤ ቀዳዳን ለማዞር ግን ስኬቹ ላይ አንድ የማዕዘን ልኬት ይበቃል።

ፊሌትን ለመጨረሻ ማቆየት

የሪቡ እግር ላይ 3 ሚሊ ሜትር ፊሌት፣ ማለትም የተጠጋጋ ጥግ ይኖራል። ሪቦቹ ከተባዙ በኋላ ጠርዞቹን አንድ በአንድ መርጦ የሠራ ሰው ቁጥሩ ስምንት ሲሆን ሁለት ሪቦች ያለ ፊሌት ሲቀሩ ያያል፤ ከስምንት ወደ ስድስት ሲመለስ ደግሞ ጠርዝ የጠፋበት ፊሌት ስህተት ያወጣል። ፊሌቱ በመጀመሪያው ሪብ ላይ ተሠርቶ ከሪቡ ጋር አብሮ ይባዛ። ፕሮግራሙ ፊሌትን ማባዛት ካልፈቀደ ግን በመጨረሻ መሥራቱ ግድ ነው፤ ቁጥሩ በተቀየረ ቁጥር መፈተሽ ብቻ አይረሳ።

ቅጂ ላይ መንጠልጠል

አዲስ ልኬት ከአራተኛው ቀዳዳ አይጀመር። ቅጂ ቁጥር ሲቀንስ ይጠፋል፤ ልኬት የሚነሳው ከመነሻው ቀዳዳ ወይም ከመነሻ ሜዳዎች ነው። የክብ ፓተርን ዘንግም እንደዚሁ፦ ነገ ፊሌት ሊበላው የሚችል ጠርዝ ከመምረጥ የሞዴሉን ዋና ዘንግ መምረጥ ይሻላል። ጥልቀትን በተመለከተ፣ ቀዳዳው “12” ተብሎ ከተበሳ ፍላንጁ 15 ሲሆን ሁሉም ቀዳዳዎች ሳያልፉ ይቀራሉ። በሙሉ የሚያልፍ ተብሎ ይበሳ።

የሚረር ሜዳን ከጥግ መለካት

አራት ማዕዘን ሳህን ላይ አራት የጥግ ቀዳዳዎችን ለመሥራት አንድ ቀዳዳ መብሳትና ሁለት ጊዜ ሚረር ማድረግ፣ ማለትም በሜዳ ላይ እንደ መስታወት ማንጸባረቅ ይበቃል። ችግሩ ሳህኑ ከጥግ ተጀምሮ ሲሳል ነው። ርዝመቱ 120 ከሆነ ሠሪው ከጥጉ 60 ላይ ሜዳ ይፈጥራል። ከጫፍ 15 ላይ ያለው ቀዳዳ 105 ላይ ይንጸባረቃል፤ ልክ ነው። ሳህኑ 150 ሲሆን ግን ሜዳው 60 ላይ ቆሞ ይቀራል፣ የተንጸባረቀው ቀዳዳም ከቀኝ ጫፍ 45 ሚሊ ሜትር ይርቃል። ሳህኑ መነሻው ነጥብ ላይ መሃሉን አድርጎ ከተሳለ የመነሻው ሜዳ ሁልጊዜ መሃል ነው፤ አዲስ ሜዳም አያስፈልግም።

ሚረር ግራና ቀኝን እንደሚያገላብጥም አይዘንጋ። በጥምዝ ተቀርጾ የተሠራ የብሎን ጥርስ ሲንጸባረቅ ግራ ዞር ጥርስ ይሆናል፤ የተለመደው ብሎን አይገባበትም። የተቀረጸ ጽሑፍም ተገልብጦ ይነበባል። ሁለቱም በሚረር ሳይሆን በመስመራዊ ወይም በክብ ፓተርን፣ አለዚያም ለብቻቸው ይሠሩ።