ሊድ ሞልቶ ገዢ የጠፋበት ካምፔይን፦ ሶፍትዌር ለድርጅት ስትሸጡ የሚሰሩ ስህተቶች

እኔ ለድርጅቶች የደሞዝና የሂሳብ ሶፍትዌር የሚሸጥ ካምፓኒ ውስጥ ነው የምሰራው፣ አዲስ አበባ። ስራዬ ፌስቡክ ላይ ማስታወቂያ እያስነገርኩ ሊድ ማምጣት ነው፣ ማለትም ስልኩን ትቶልን ሴልሶቻችን የሚደውሉለት ሰው። መጀመሪያ አካባቢ ሊዱ በሽ በሽ ነበር፣ ሴልሶቹ ግን ፊቴን ማየት አስጠልቷቸው ነበር። ጥፋቱ የኔ እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው፣ እና የሰራኋቸውን ስህተቶች እነሆ።

1. በርካሽ ሊድ መፎከር

እስቲ በቁጥር እንየው። ሁለት ማስታወቂያ አለን እንበል፣ ለእያንዳንዳቸው 30,000 ብር ወጣ። አንደኛው 200 ሊድ አመጣ፣ አንዱ ሊድ በ150 ብር ማለት ነው። ሁለተኛው 40 ብቻ፣ አንዱ በ750 ብር። አለቃ ይሄን ሲያይ ሁለተኛውን ዝጋው ይላል፣ እኔም ዘግቼ አውቃለሁ። ግን ከ200ዎቹ ዴሞ፣ ማለትም ሶፍትዌሩ እንዴት እንደሚሰራ ስናሳይ፣ ለማየት የተቀመጡት 4 ሰዎች ቢሆኑና ከ40ዎቹ ደግሞ 10 ቢሆኑስ? አንድ ዴሞ በመጀመሪያው 7,500 ብር፣ በሁለተኛው 3,000 ብር ፈጀ ማለት ነው። ሴልሱ 200 ስልክ ሲደውል የሚያጠፋው ጊዜ ገና አልተቆጠረም፣ እሱም ደሞዝ ይበላል። ስለዚህ ሪፖርታችሁ ላይ የሊድ ዋጋ ሳይሆን የአንድ ዴሞ ዋጋ ይግባ።

2. ሳያስቡት የሚሞላ ፎርም

የፌስቡክ ፎርም ስምና ስልኩን ከሰውየው አካውንት ላይ አንስቶ ራሱ ይሞላዋል። ሰውየው ታክሲ ውስጥ ሆኖ ሁለቴ ነካ ነካ ያደርጋል፣ በማግስቱ ሲደወልለት "የምን ፎርም? እኔ ምንም አልሞላሁም" ይላል፣ እውነቱን ነው አያስታውሰውም። አንዳንዴም ስልኩ ድሮ የተመዘገበ ነው፣ አሁን ሌላ ሰው ነው የሚያነሳው።

ፎርሙን ስትሰሩ More volume እና Higher intent የሚሉ ምርጫዎች አሉ፣ ሁለተኛውን ምረጡ፣ ሰውየው ከመላኩ በፊት የሞላውን እንደገና አሳይቶ ያረጋግጥለታል። ከዛ በራሱ የማይሞላ ጥያቄ ጨምሩ። እኛ ሶስት ነው የምንጠይቀው፦ ስንት ሰራተኛ አላችሁ፣ ደሞዝ አሁን በምን ነው የምትሰሩት (ኤክሴል፣ ፒችትሪ፣ በእጅ)፣ እና የእርስዎ የስራ ድርሻ ምንድነው። ሁለተኛው ጥያቄ ወርቅ ነው፣ ምክንያቱም 120 ሰራተኛ ይዞ በኤክሴል ጡረታና የስራ ግብር የሚያሰላ ሰው ችግሩን አስረዱኝ አይላችሁም፣ በየወሩ እየኖረበት ነው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፣ ከውጭ ምክር አንብቤ የድርጅት ኢሜይል ግዴታ አድርጌ ነበር። እዚህ አገር ስንትና ስንት አስመጪ በጂሜይል ነው የሚሰራው፣ ዋናዎቹን ገዢዎች በገዛ እጄ አባረርኳቸው።

3. ለማን እንደሆነ የማይናገር ማስታወቂያ

"ለአካውንታንቶች ታላቅ ዜና! በአንድ ቀን ይልመዱት!" ብዬ ለጠፍኩ። ስልኩ አላባራ አለ፣ "ፒችትሪም ታስተምራላችሁ? ሰርተፊኬት አለው?" የሚሉ በቅርብ የተመረቁ ልጆች ናቸው። አይፈረድባቸውም፣ የአካውንታንት ቅጥር ማስታወቂያ ፒችትሪ ይጠይቃል፣ የኔ ጽሁፍ ደግሞ ቁርጥ የስልጠና ማስታወቂያ ነው የሚመስለው። "ነፃ" የሚለው ቃል ሲገባበት ደግሞ ይብሳል።

አሁን የመጀመሪያው መስመር ላይ "50 እና ከዚያ በላይ ሰራተኛ ላላቸው ድርጅቶች" እንላለን፣ መነሻ ዋጋውንም እንጽፋለን። ሊድ ይቀንሳል፣ አዎ፣ መቀነስም አለበት።

4. ለፌስቡክ ማን ጥሩ እንደነበር አለመንገር

ይሄ ነው ብዙ ሰው የሚዘለው። ሲስተሙ የሚያውቀው ፎርም የሞላውን ሰው ብቻ ነው፣ ስለዚህ ፎርም መሙላት የሚወዱ ሰዎችን እየፈለገ ያመጣላችኋል፣ የጠየቃችሁትን ነው የሰጣችሁ። እያንዳንዱ ሊድ የራሱ መለያ ቁጥር አለው፣ ሴልሱ "ዴሞ አየ" ብሎ ሲመዘግብ ያ ቁጥር Conversions API በሚባለው፣ የእናንተ ሲስተም ለፌስቡክ መረጃ በሚልክበት መንገድ ተመልሶ ቢሄድለት እንደዛ አይነት ሰው መፈለግ ይማራል። "ገዛ" የሚለውን ብቻ አትላኩ፣ በወር ሁለት ሶስት ሽያጭ ሲስተሙን ለማስተማር በጣም ያንሳል፣ መሃል ላይ ያለውን ደረጃ ላኩ።

ፕሮግራመር ከሌላችሁ ሴልሱ ቢያንስ ኤክሴል ላይ ከሊዱ ጎን የማስታወቂያውን ስምና ያልገዛበትን ምክንያት በሁለት ቃል ይጻፍ። "አያነሳም"፣ "ተማሪ"፣ "5 ሰራተኛ"፣ "ባለቤቱ ውጭ ነው"። እኔ ያቺን ያልኳችሁን የአካውንታንት ማስታወቂያ የዘጋሁት "ተማሪ" የሚለው ቃል በተከታታይ ሁለት ገጽ ሲሞላ አይቼ ነው።