የሥራ እድገት ማስታወቂያ ሲጻፍ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ውስጥ ያለ አንድ ፋብሪካ እናስብ። የጥራት ቁጥጥር ፈረቃ ኃላፊ ቦታ ተለቀቀ፣ የውስጥ ማስታወቂያ ወጣ፣ አራት ሠራተኞች ተወዳደሩ፣ አንዷ አሸነፈች። ውድድሩ ንጹህ ነው። ከዚያ የሰው ሀብት ክፍሉ በሠራተኞች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይህን ለጠፈ፦

«የመንዝ ፍሬ የሆነችው፣ በሥራ አስኪያጃችን ከፍተኛ እምነት የተጣለባት፣ ከሁሉም ልቃ የተገኘችው ታታሪዋ እህታችን እከሊት የፈረቃ ኃላፊ ሆና ተመድባለች። እንኳን ደስ አለሽ!»

የጻፈው ሰው ሊያከብራት ነው የፈለገው። ግን በዚህች አንድ አንቀጽ ንጹሁን ውድድር አጠራጣሪ አድርጎታል። እንዴት እንደሆነ አንድ በአንድ እንይ።

የመጀመሪያው ስህተት የትውልድ ቦታዋን ማንሳቱ ነው። ሰሜን ሸዋ ውስጥ አንዱ የመንዝ ነው፣ ሌላው የተጉለት፣ ሌላው የቡልጋ፣ የምንጃር ወይም የአንኮበር። ሥራ ቦታ ላይ ይህን ሁሉም ያውቃል፣ አለቃው የየት ልጅ እንደሆነም ያውቃል። ሥራ አስኪያጁ የመንዝ ሰው ከሆነ «የመንዝ ፍሬ» የምትለዋ ሐረግ ምስጋና መሆኗ ያበቃል፤ ሠራተኛው «በቃ፣ ለአገሩ ልጅ ሰጣት» ብሎ ያነባታል። አለቃው የሌላ ወረዳ ሰው ቢሆንም እንኳ ሐረጓ ከሥራው ጋር ምንም አያገናኛትም። አውጧት።

«እምነት የተጣለባት» ደግሞ ይብሳል። ቦታው የተገኘው በፈተና ነው ወይስ በአለቃው መውደድ? ማስታወቂያው የሚመልሰው ሁለተኛውን ነው። «የቅርብ ረዳት»፣ «ታማኝ»፣ «ሁሌም ከጎናችን የነበረች» የሚሉትም እንዲሁ ናቸው። ሠራተኛዋን ከሥራዋ ጋር ሳይሆን ከአንድ ሰው ጋር ያስሯታል።

«ከሁሉም ልቃ» ስንል ያ «ሁሉም» ማን ነው? ሦስት ሰዎች ናቸው፣ ስማቸው ይታወቃል፣ ማስታወቂያውን ያነቡታል፣ ነገም ከእሷ ጋር በአንድ ፈረቃ ይሠራሉ። ምናልባት አንዱ በአንድ ነጥብ ብቻ ነው ያነሰው። ማሸነፏን ለመንገር የእነሱን ማነስ መንገር አያስፈልግም። የነጥብ ዝርዝር የውጤት ማሳወቂያ ሥራ ነው፣ ይህ ደግሞ የደስታ መልእክት ነው፤ ሁለቱን አንድ ወረቀት ላይ አትቀላቅሏቸው።

«ታታሪ» ላይ ቅሬታዬ ሌላ ነው። ቃሉ አያስቀይምም፣ ግን ምንም አያስረዳም፣ ለማንም ይሰጣል። ማስረጃ የሌለው ሙገሳ ሲደራረብ አንባቢው እውነተኛውን ምክንያት ሌላ ቦታ መፈለግ ይጀምራል። በቅጽሉ ፈንታ አንድ የሠራችውን ነገር ጻፉ፣ ሌላው ሠራተኛ በዓይኑ ያየውን።

ብዙ ሰው የማያስተውለው «ተመድባለች» የሚለውን ነው። ምደባ ያለ ውድድርም ይሰጣል። አራት ሰው ተፈትኖ ካለቀ በኋላ «ተመድባለች» ማለት ያንን ሁሉ ድካም መሰረዝ ነው። «ተወዳድራ ተመርጣለች» በሉ። ቦታው በቀጥታ የተሰጠ ከሆነ ደግሞ በቀጥታ ምደባ መሆኑንና ምክንያቱን ጻፉ፣ ያልነበረ ውድድር አትፍጠሩ፤ በማግስቱ ይታወቃል።

እንግዲህ እኔ ብጽፈው እንዲህ እለው ነበር፦

«ሐምሌ ላይ በወጣው የውስጥ ማስታወቂያ መሠረት አራት ሠራተኞች ተወዳድረው፣ በጽሑፍ ፈተና፣ በሥራ አፈጻጸምና በቃለ መጠይቅ በተገኘው ድምር ውጤት እከሊት የጥራት ቁጥጥር ፈረቃ ኃላፊ ሆና ተመርጣለች። እከሊት የጉድለት መመዝገቢያ ቅጹን በማሻሻሏ ችግሩ ከየትኛው ማሽን እንደመጣ በዚያው ፈረቃ መለየት ተችሏል። አዲሱን ሥራዋን መስከረም 3 ትጀምራለች። ማንኛውም ተወዳዳሪ የራሱን ውጤት ከሰው ሀብት ክፍል ማየት ይችላል። እንኳን ደስ አለሽ!»

ሙገሳው አልቀነሰም። እንዲያውም አሁን ምን እንደሠራች ታወቀ፣ በየትኛው መንገድ እንዳለፈችም ታወቀ። የመጨረሻዋ የውጤት ዓረፍተ ነገር ግን ቃል ኪዳን ናት፤ ሰው መጥቶ ሲጠይቅ ወረቀቱ መውጣት አለበት፣ ካልወጣ ባትጽፏት ይሻላል።

የቀረው የሰዓት ጉዳይ ነው። ሦስቱ ያላለፉ ሠራተኞች ነገሩን ከቴሌግራም መስማት የለባቸውም። ከመለጠፉ በፊት እያንዳንዳቸውን ለብቻ ጠርታችሁ ንገሯቸው፣ የት እንደጎደላቸውም አስረዷቸው። በአንድ ቀን ሁለት ሰው ካደገ ደግሞ ለአንዷ ፎቶና ሙሉ አንቀጽ፣ ለሌላው አንድ መስመር አታድርጉ፤ ሠራተኛው ይህን ለማስተዋል አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም።