የስኮላርሺፕ ማመልከቻ የመጀመሪያ አንቀጽ፦ በአንድ ችግር ጀምሩ

«ከልጅነቴ ጀምሮ መሐንዲስ የመሆን ሕልም ነበረኝ» የሚል መግቢያ ማንም ሊፈርምበት ይችላል። አስተዳደግን፣ ፈተናንና ዓላማን ለየብቻ ከመደርደር ሦስቱንም የሚያገናኝ አንድ የሙያ ችግር ፈልጉና በእርሱ ጀምሩ።

በስምጥ ሸለቆ ያደገ የውኃ መሐንዲስ ለምሳሌ እንዲህ ሊጽፍ ይችላል፦ «የሰፈራችንን የጉድጓድ ውኃ የጠጣን ልጆች ጥርሳችን በልዟል፤ ምክንያቱ ፍሎራይድ መሆኑን ያወቅሁት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው። ለመመረቂያዬ የአጥንት ከሰል ማጣሪያ ስሠራ መለኪያ ስላልነበረን ናሙናዎቹን በአውቶቡስ ወደ ሌላ ከተማ እወስድ ነበር። ማጣሪያው ፍሎራይዱን ቀነሰ፤ ከወራት በኋላ ግን ደከመ። በማስተርስ ላጠና የምፈልገው ይህ ከሰል በገጠር በቀላሉ የሚታደስበትን መንገድ ነው።»

እዚህ ውስጥ «ድህነት» የሚል ቃል የለም፤ የአውቶቡሱ ጉዞ ግን እጥረቱንም ጥረቱንም አብሮ ያሳያል። ዓላማውም ካልተፈታ ጥያቄ ስለወጣ ገምጋሚው «ለምን ይህን ትምህርት መረጠ?» ብሎ አይቸገርም። ዝርዝሩ በእርግጥ የደረሰባችሁ መሆን አለበት፤ በቃለ መጠይቅ ላይ ልትጠየቁበት ትችላላችሁ።

እንደ ብሪታንያ መንግሥት የቺቭኒንግ ስኮላርሺፕ አመራርን፣ ትውውቅንና የሥራ ዕቅድን በተለያዩ ጥያቄዎች የሚጠይቅ ቅጽ ላይ ግን ሦስቱን በአንድ አንቀጽ አታጭቁ፤ እያንዳንዱ መልስ የሚመዘነው ለቀረበለት ጥያቄ ነው።