ውዝፍ ኪራይ በክፍያ ለመጨረስ ለአከራይ ሲጻፍ

ኮምቦልቻ ውስጥ የሦስት ወር ኪራይ ተወዝፎባችሁ በየጊዜው ከፍላችሁ ለመጨረስ ለአከራያችሁ ደብዳቤ ስትጽፉ፣ ውዝፉንና የወሩን ኪራይ በአንድ ድምር አታቅርቡ፤ ከተደባለቁ የተከፈለው ገንዘብ ለየትኛው እንደሆነ በኋላ ያከራክራል። ለምሳሌ ኪራዩ 4,000፣ ውዝፉ 12,000 ብር ከሆነ እንዲህ ይጻፍ፦ «የየወሩን ኪራይ 4,000 ብር ሳላቋርጥ እየከፈልኩ፣ ለውዝፉ ደግሞ ከጥቅምት 5 እስከ መጋቢት 5 ድረስ በየወሩ በ5ኛው ቀን 2,000 ብር እየከፈልኩ በስድስት ጊዜ እጨርሳለሁ።»

ቀኑን ደመወዝ ከሚገባበት ጥቂት ቀን አሳልፉት፤ ደመወዝ ቢዘገይ የመጀመሪያው ቀጠሮ ከፈረሰ አከራዩ የቀሩትን አያምንምና። አከራዩ ከተስማማ በሁለቱም ቅጂዎች ላይ ይፈርም፣ አንዱም በእጃችሁ ይቅር። የውዝፉ መጠን ራሱ የሚያከራክር ከሆነ ግን ደብዳቤው ዕዳውን እንዳመናችሁ ስለሚቆጠር፣ አስቀድማችሁ ሒሳቡን ተማመኑ።