ራሱ የሚሞላ ሪፖርት ላይ ፐርሰንት እንዴት እንደሚበላሽ

ሌላውን ቶሎ አልፈዋለሁ፣ ፐርሰንትን በፐርሰንት ማካፈል ግን በየሩብ ዓመቱ ስለማየው ሰልችቶኛል።

ቡሬ አካባቢ ላለ አንድ የቁጠባና ብድር ማህበር ማጠቃለያው ራሱ እንዲወጣ ተብሎ በኤክሴል ተሰርቶለታል። አንዴ ምን ብሎ ወጣ? ውዝፍ ብድር በ25% ጨመረ። ቦርዱ ደንግጦ የማዳበሪያ ብድር ይቁም እስከማለት ደረሰ፣ ያውም ሰኔ ደጃፍ ላይ። ጥሬው ቁጥር ሲታይ መጀመሪያ ከ8,000,000 ብር ብድር ውዝፉ 352,000 ነበር፣ 4.4% ማለት ነው፣ በቀጣዩ ሩብ ከ8,500,000 ውስጥ 391,000፣ 4.6%። በቃ ይቺው ናት።

25ቱ የመጣው ከዚህ ነው፦

```
B5: =TEXT(Data!B5,"0%")
C5: =TEXT(Data!C5,"0%")
D5: =(C5-B5)/B5
```

TEXT ለማሳመር ብሎ ቁጥሩን ጽሑፍ ያደርገዋል፣ 4.4ቱ 4% ሆነ፣ 4.6ቱ 5%። ኤክሴል ደግሞ እነዚህን ስትቀንሱ ዝም ብሎ መልሶ ቁጥር ያደርጋቸዋል፣ ኤረር እንኳን አይሰጥም! 5 ሲቀነስ 4፣ ለ4 ሲካፈል፣ 25%። ማሳጠር ከፈለጋችሁ የሴሉን ፎርማት ቀይሩ፣ እሱ የሚታየውን እንጂ ውስጡን አይነካም። ጽሑፍ የሆነ ሴል ማንም ካልነካው ወደ ግራ ይጠጋል፣ ቁጥር ወደ ቀኝ፣ እሱን እዩ። ለውጡ ሁሌ 20፣ 25፣ 33፣ 50 እያለ የሚመጣ ከሆነም ጠርጥሩ፣ ተጠጋግተው ያለቁ ትንንሽ ቁጥሮች ሲካፈሉ የሚያወጡት እንደዛ ነው።

TEXTን ብታወጡትም ገና ነው። ያው ፎርሙላ አሁን 4.5% ይላል፣ ሂሳቡ ልክ ነው ግን ማን ምን ይረዳ? አንዱ ከብድሩ 4.5% ውዝፍ ነው ብሎ ያነባል፣ ሌላው ገንዘቡ በ4.5% ጨመረ ይላል፣ ገንዘቡ ግን የጨመረው 39,000 ብር፣ 11% ገደማ ነው። ስለዚህ የፐርሰንት ረድፍ ላይ ቀንሳችሁ ብቻ «በ0.2 ፐርሰንት ነጥብ ጨመረ» በሉ፣ ጎኑ ላይ የብሩን ጭማሪ አስቀምጡ። እባካችሁ የብር ረድፍ ላይ የሰራውን ፎርሙላ እስከ ታች እየጎተታችሁ የፐርሰንቱም ላይ አትሙሉት።

የቡሬንና የሽንዲን ቅርንጫፍ ፐርሰንት ደምሮ ለሁለት ማካፈልም አይሆንም፣ የብድራቸው መጠን እኩል አይደለማ። ውዝፉን ደምራችሁ ለጠቅላላ ብድሩ አካፍሉ።

በፓይተን የምታወጡ ልጆች ደግሞ፣ `round(2.675, 2)` 2.67 ነው የሚላችሁ፣ የኤክሴሉ ROUND ግን 2.68፣ ምክንያቱም 2.675 ኮምፒውተር ውስጥ በልኩ አይቀመጥም፣ ትንሽ ጎሎ ነው የሚያዘው። ለብር `Decimal("2.675")` ብላችሁ በጥቅስ ውስጥ ስጡት፣ ስታጠጋጉም `ROUND_HALF_UP` በሉ። የአባላት ወለድ ድምር ከመዝገቡ ጋር በሳንቲሞች አልገጥም ሲል ደረሰኝ ከመበርበራችሁ በፊት መጀመሪያ ይቺን እዩ።